ከማከፋፈላችን በፊት፦ ስለተዘጋ ትራቨርስ የመዝጊያ ስህተት

(በወጣት ቀያሾች የምሽት መሰባሰቢያ ላይ የተደረገ ንግግር። ከጥቂት ማሳጠር በቀር እንደተነገረ የቀረበ ነው።)

ጤና ይስጥልኝ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ። እንደምን አመሻችሁ? ከሳይት በቀጥታ የመጣችሁ እንዳላችሁ ከጫማችሁ አያለሁ። ደክሟችሁም መምጣታችሁ ደስ ብሎኛል። ከፊት የተቀመጣችሁት ታላላቆቼም እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። በቶታል ስቴሽን የተዘጋ ትራቨርስ ሠራን እንበል። ከአንድ ነጥብ ተነሳን፣ ዞረን ዞረን እዚያው ነጥብ ላይ ተመለስን። ቢሮ ገብተን ስናሰላው ግን ነጥቡ ላይ አልመጣም። ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ ወደቀ። ይህን ልዩነት ምን እናድርገው?

«እናከፋፍለዋለን» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ልክ ነው፣ እናከፋፍለዋለን። ግን እንዴት? ለምንስ እንደዚያ? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ መከፋፈል የሌለበት ልዩነት የትኛው ነው? ሶፍትዌሩ አንድ ቁልፍ ስትጫኑ ሁሉንም ያከፋፍልላችኋል። የሁለት ሳንቲ ሜትሩንም፣ የአንድ ሜትሩንም። ከየት እንደመጣ አይጠይቃችሁም። መጠየቅ የእናንተ ሥራ ነው።

በሦስት ነጥብ እሄዳለሁ። መጀመሪያ አንግሎቹን እናያለን። ቀጥሎ ርቀቶቹንና የቦውዲችን ደንብ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ትራቨርሱ በደንብ ቢዘጋም የማይታየውን ስህተት። ሦስተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የመጣሁትም ለእሱ ብዬ ነው።

ሰሌዳው ላይ አራት ነጥብ አስቀምጫለሁ፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። የአንድ ጤና ጣቢያ ግቢ የሚያክል ቦታ ይከባል በሉ። ከሀ ወደ ለ፣ ከለ ወደ ሐ፣ ከሐ ወደ መ፣ ከመ ተመልሰን ወደ ሀ። የምንዞረው ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ ነው። ስለዚህ ባክሳይት አይተን በቀኝ በኩል ወደ ፎርሳይት ስንዞር የምናነበው የውስጥ አንግል ነው። መሣሪያችን ባለ 5 ሰከንድ ነው። አብዛኞቻችሁ በእጃችሁ ያለው እሱ ይመስለኛል።

እሺ፣ የመጀመሪያው ነጥብ፦ አንግል።

በሁለቱም ፌስ አንብበን አማካዩን ስንወስድ ይህን አገኘን። ሀ ላይ 82°52'24"፣ ለ ላይ 95°25'34"፣ ሐ ላይ 86°24'44"፣ መ ላይ 95°17'34"። ደምሩት። 360°00'16" ይመጣል። የአራት ማዕዘን የውስጥ አንግሎች ድምር 360 ዲግሪ መሆን አለበት። ለማንኛውም ቅርጽ ከነጥቦቹ ብዛት ሁለት ቀንሳችሁ በ180 ማባዛት ነው። እኛ 16 ሰከንድ ተርፎናል።

16 ሰከንድ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? ይህ በስሜት አይመለስም። እኔ የምጠቀምበት ልክ ይህ ነው፦ የመሣሪያውን ትክክለኛነት በሁለት አባዛለሁ፤ ከዚያ በአንግሎቹ ብዛት ካሬ ሥር አባዛለሁ። 5 ሲባዛ በ2፣ ሲባዛ በ2፣ 20 ሰከንድ። የፕሮጀክቱ ስፔሲፊኬሽን ሌላ ልክ ካስቀመጠ እሱን ተከተሉ። የእኛ 16 ከ20 በታች ነው። ይታለፋል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ላስታውስ። ሥራ የጀመርኩት በአንድ አንጋፋ ቀያሽ ሥር ነው። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ጋሼ የመጨረሻው ነጥብ ላይ አንግል ተነብቦ ካለቀ በኋላ ትራይፖዱን አያስነሱም ነበር። ቆመው በእርሳስ ይደምራሉ። እኛ ፀሐዩ ላይ እንቁለጨለጫለን፤ መኪናው ይጠብቃል፣ ሾፌሩ ይበሳጫል። እሳቸው ይደምራሉ። ድምሩ ልክ ከወጣ «አንሱት» ይላሉ። ካልወጣ እዚያው ይደገማል። ለምን ይመስላችኋል? ቢሮ ገብታችሁ የአንግል ስህተት ብታገኙ የትኛው ነጥብ ላይ እንደሆነ ለማወቅ ሁሉንም እንደገና መትከል ይኖርባችኋል። ሜዳ ላይ ሳላችሁ ግን ቢያንስ የመጨረሻው ነጥብ ከእግራችሁ ሥር ነው፤ ሌሎቹም ቅርብ ናቸው። ዛሬ ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር አለ። እባካችሁ ትራይፖዱ ሳይታጠፍ ደምሩ።

አሁን 16 ሰከንዱን እንዴት እናከፋፍል? ለአራቱ አንግሎች እኩል። ከእያንዳንዱ 4 ሰከንድ እንቀንሳለን። አንዳንድ ጀማሪ ለትልቁ አንግል ብዙ፣ ለትንሹ ጥቂት ይሰጣል። እንደ እድር መዋጮ አስቡት፤ የቤቱ ስፋት አይጠየቅም፣ ሁሉም እኩል ይከፍላል። የአንግል ስህተት ከአንግሉ ስፋት አይመጣም። የሚመጣው ፕሪዝሙን አነጣጥሮ ከማየት ነው። መሣሪያውን ነጥቡ ላይ ከማስተካከል ነው። ፕሪዝሙ ከነጥቡ ላይ ትንሽ ከመሸሹ ነው። 30 ዲግሪ ለማንበብም 170 ዲግሪ ለማንበብም ሁለት ጊዜ ነው የምታነጣጥሩት።

በነገራችን ላይ ስህተቱን የሚያሳድገው የመስመሩ ማጠር ነው። ፕሪዝሙ ከነጥቡ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ቢሸሽ በ175 ሜትር ርቀት ላይ 3.5 ሰከንድ ያህል ነው። ያው 3 ሚሊ ሜትር በ20 ሜትር ላይ 31 ሰከንድ ይሆናል። ከመሣሪያው ስድስት እጥፍ ማለት ነው። እንደዚህ ያለ አጭር መስመር ከቡድናችሁ ሥራ ውስጥ ካለ ፖል በእጅ አታስይዙ። ፕሪዝሙን በትራይፖድና በትራይብራክ ትከሉት። ትራይብራኩ ሳይነቃነቅ መሣሪያውንና ፕሪዝሙን ብቻ አለዋውጡ።

ድምሩ ከልኩ በጣም ቢያልፍስ? አንድ ሙሉ ደቂቃ ቢበዛ? ያኔ አይከፋፈልም። አንድ ነጥብ ላይ ግድፈት አለ ማለት ነው። ለማግኘት አንድ የቆየ ዘዴ አለ። ትራቨርሱን ምንም ሳታስተካክሉ ከሀ ተነስታችሁ በለ በኩል አስሉት። ከዚያ ከሀ ተነስታችሁ በመ በኩል፣ በተቃራኒው አስሉት። የነጥቦቹን ኮኦርዲኔት አነጻጽሩ። በሁለቱም መንገድ የሚቀራረብ አንድ ነጥብ ታገኛላችሁ። አንግሉ የተሳሳተው እዚያ ነው። ምክንያቱም ከሁለቱም ወገን ስትመጡ ወደዚያ ነጥብ የምትደርሱት የተሳሳተውን አንግል ገና ሳትጠቀሙበት ነው። ሁለት ነጥብ ላይ ስህተት ካለ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም።

ሁለተኛው ነጥብ። ርቀት።

ከሀ ወደ ለ ያለው ቤሪንግ 156°20'00" ነው፤ ከኮንትሮል የተሰጠን ነው። የቀጣዩ መስመር ቤሪንግ የሚገኘው ያለፈውን ቤሪንግ ወስደን 180 ስንደምርበት፣ የተስተካከለውን አንግል ስንጨምርበት ነው። ከ360 ካለፈ 360 እንቀንሳለን። እስከ መጨረሻ ሄዳችሁ የሀን አንግል ስትጨምሩ ተመልሳችሁ 156°20'00" ላይ መምጣት አለባችሁ። አንድ ሰከንድ እንኳ ከተለየ ማከፋፈሉ ወይም መደመሩ ላይ ስህተት አለ።

ከዚያ እያንዳንዱን መስመር በምሥራቅና በሰሜን እንከፍለዋለን። L አግድም ርቀቱ ነው፣ B ቤሪንጉ። አግድም ርቀት ነው ያልኩት። ተዳፋት ላይ የተነበበውን ስሎፕ ርቀት እንዳትጠቀሙ።

```
ΔE = L × sin(B)
ΔN = L × cos(B)

መስመር  ርቀት      ቤሪንግ       ΔE        ΔN
ሀ-ለ   182.340  156°20'00"   +73.194  -167.005
ለ-ሐ   214.615   71°45'30"  +203.829   +67.180
ሐ-መ   175.280  338°10'10"   -65.180  +162.710
መ-ሀ   220.995  253°27'40"  -211.852   -62.910
ድምር   793.230                -0.009    -0.025
```

የተነሳንበት ቦታ ስለተመለስን ሁለቱም ድምር ዜሮ መሆን ነበረበት። አልሆነም። በምሥራቅ 9 ሚሊ ሜትር፣ በሰሜን 25 ሚሊ ሜትር ጎደለን። ሁለቱን በፓይታጎረስ ስናጣምራቸው 27 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። የትራቨርሱ ርዝመት 793 ሜትር ከ23 ሳንቲ ሜትር ነው። ስናካፍለው 1 ለ 30,000 የሚጠጋ ነው። ለእንደዚህ ያለ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው 1 ለ 10,000 ነው። ስለዚህ አልፏል። አሁን፣ አሁን ብቻ፣ ማከፋፈል እንችላለን።

የምናከፋፍለው በቦውዲች ደንብ ነው። ናትናኤል ቦውዲች አሜሪካዊ ነው፤ የማሳቹሴትስዋ የሴለም ከተማ ሰው፣ መርከበኛና የሒሳብ ሊቅ። ደንቡን ያወጣው በ1808 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ያኔ ቶታል ስቴሽን የለም። ኮምፓስና ሰንሰለት ነው ያለው። ደንቡ እንዲህ ይላል፦ እያንዳንዱ መስመር ከጠቅላላው ርዝመት ባለው ድርሻ ልክ ከስህተቱ ይውሰድ። ምልክቱ የስህተቱ ተቃራኒ ይሁን።

አንዱን አብረን እንሥራው። ሀ-ለ 182.340 ሜትር ነው። በ793.230 ሲካፈል 0.23 ገደማ ይመጣል። ከ9 ሚሊ ሜትሩ ድርሻው 2፣ ከ25ቱ ድርሻው 6 ሚሊ ሜትር ነው። የጎደለውን ስለምንሞላ ሁለቱም ይደመራሉ። ምሥራቁ +73.196 ይሆናል፣ ሰሜኑ ደግሞ -166.999። ሌሎቹም እንደዚሁ ናቸው።

የሰሜኑን አራት ማስተካከያ ወደ ሚሊ ሜትር ስታጠጋጉ ግን 6፣ 7፣ 6፣ 7 ይመጣላችኋል። ድምሩ 26 ነው። እኛ የምንፈልገው 25። አትደንግጡ። የሐ-መ ድርሻ 5.52 ነበር፤ ወደ 6 የወጣው ለጥቂት ነው። እሱን 5 አድርጉት። ይህች አንድ ሚሊ ሜትር ሜዳ ላይ ምንም አትጎዳም። ሪፖርቱ ላይ ግን ድምሩ ዜሮ ካልመጣ አማካሪው መሐንዲስ ይመልስላችኋል። መመለሱም ተገቢ ነው።

ሀን ምሥራቅ 1000፣ ሰሜን 1000 ብለን ብንነሳ ለ 1073.196፣ 833.001 ላይ ይወድቃል። ሐ 1277.027፣ 900.188 ላይ። መ 1211.849፣ 1062.903 ላይ። የመጨረሻውን መስመር ስትደምሩ 1000.000፣ 1000.000 ላይ ድርቅ ብሎ ይቆማል።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የኮምፓስና የሰንሰለት ዘመን ደንብ ለቶታል ስቴሽን ለምን ይሠራል? ቦውዲች አንግሉ የሚያመጣው ወደ ጎን መሸሽና ርቀቱ የሚያመጣው ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ መሸሽ ይመጣጠናሉ ብሎ ነው የተነሳው። የእኛን እንፈትሽ። 5 ሰከንድ በ200 ሜትር ላይ ወደ ጎን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ያሸሻል። የርቀት መለኪያው ባለ 2 ሚሊ ሜትር ሲደመር 2 ፒፒኤም ከሆነ በ200 ሜትር 2.4 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱ የሌላው እጥፍ ቢሆን ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ግቢ ቦውዲች ደህና ዳኛ ነው። መስመሮቹ አንድ ኪሎ ሜትር ቢሆኑ ግን አንግሉ 24 ሚሊ ሜትር ያሸሻል፣ ርቀቱ 4 ብቻ። ያኔ ቦውዲች ጥሩውን ርቀት ያለጥፋቱ ይነካዋል። ለዚያ ሥራ ሊስት ስኩዌር ተጠቀሙ። አንግሉንና ርቀቱን እያንዳንዳቸውን በትክክለኛነታቸው ልክ ይመዝናቸዋል። አጫጭርና ረጃጅም መስመሮች የተቀላቀሉበት ትራቨርስ ላይም ይሻላል።

ወደ ግድፈት ልመለስ። ርቀቱን በፊልድ ቡክ ላይ የሚጽፈው ልጅ 175.280 በማለት ፈንታ 174.280 ጻፈ በሉ። አንግሎቹ ምንም አልሆኑም፤ ድምራቸው ልክ ነው። የመዝጊያ ስህተቱ ግን በምሥራቅ +0.363፣ በሰሜን -0.953 ይሆናል። አንድ ሜትር ከ2 ሳንቲ ሜትር። 1 ለ 780 አካባቢ። ይህን ብታከፋፍሉት ለእያንዳንዱ መስመር ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ታድላላችሁ። ደህና የነበሩት ሦስት መስመሮች ይበላሻሉ፤ የተበላሸው አይድንም።

ታዲያ የትኛው መስመር እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? የስህተቱን ቤሪንግ አስሉ። 159 ዲግሪ ገደማ ይመጣል። ርቀቱ የተሳሳተው መስመር አቅጣጫው ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ወይ እሱ ራሱ፣ ወይ ግልባጩ። የሐ-መ ግልባጭ 158°10' ነው። ተገኘ! ግን ቆዩ። ሀ-ለስ? 156°20' ነው። እሱም ቅርብ ነው። ሌሎቹ ትንንሽ ስህተቶች የአንድ ሜትሩን አቅጣጫ በጥቂት ዲግሪ ሊያዞሩት ይችላሉ። ስለዚህ እርግጠኛ መሆን አትችሉም። ሁለት ተጠርጣሪ አላችሁ። ግቢዎቻችን ብዙ ጊዜ አራት ማዕዘን ስለሆኑ ትይዩ መስመር አይጠፋም። ሁለቱንም ሄዳችሁ ለኩ። ከአራት ሁለት መለካት ከአራት አራት ይሻላል። «ምናልባት ይቺ ናት» ብሎ ቢሮ ተቀምጦ አንድ ሜትር መጨመር ግን ክልክል ነው። እደግመዋለሁ፣ ክልክል ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው።

እስካሁን ያየነው ስህተት ራሱን ያሳያል። አልዘጋ ይላል፣ እናየዋለን። ትራቨርሱ አምሮ እየዘጋ ነጥቦቹ ግን የተሳሳቱ ቢሆኑስ? ይቻላል ወይ? በጣም ይቻላል።

ቶታል ስቴሽን ላይ የፕሪዝም ኮንስታንት የሚባል ቁጥር እንደምትሞሉ ታውቃላችሁ። ፕሪዝሙ -30 የሚል ተጽፎበት መሣሪያው ላይ 0 ከተሞላ እያንዳንዱ መስመር 3 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ሁሉም መስመር፣ ያለ ልዩነት። ይህን በእኛ ትራቨርስ ላይ አስሉት። አራቱም መስመር ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። የመዝጊያ ስህተቱ ስንት የሚለወጥ ይመስላችኋል? አስሩ ሳንቲ? አምስቱ? አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም! ለምን? ወደ ምሥራቅ የሄደው መስመር በ3 ሳንቲ ሜትር ረዘመ፤ ወደ ምዕራብ የተመለሰውም በ3 ሳንቲ ሜትር ረዘመ። ተጣፉ። ነጥብ ሐ ግን ከሀ አንጻር ከ4 ሳንቲ ሜትር በላይ ከቦታው ሸሽቷል። ሪፖርታችሁ ላይ 1 ለ 30,000 አካባቢ ተጽፏል። ሁሉም ደስ ብሎታል። ሐ ላይ የሚቆመው ዓምድ ግን ያለቦታው ነው።

ይህን መዝጋት አያሳያችሁም። የሚያሳያችሁ ሌላ ፈተና ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሜዳ ላይ በአንድ ቀጥታ መስመር ሦስት ነጥብ ትከሉ። ከአንደኛው እስከ ሦስተኛው ለኩ። ከዚያ ከአንደኛው እስከ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ለኩ። ሁለቱ ቁርጥራጮች ተደምረው ሙሉውን መስጠት አለባቸው። ኮንስታንቱ 3 ሳንቲ ሜትር ከተሳሳተ ሁለቱ ቁርጥራጮች 6 ሳንቲ ሜትር ይዘው ይመጣሉ፣ ሙሉው 3 ብቻ። ልዩነቱ ራሱ የኮንስታንቱ ስህተት ነው። መሣሪያ ስትዋሱ፣ ፕሪዝም ስትለውጡ፣ ከሌላ ቡድን ጋር ዕቃ ስትቀላቅሉ ይህን አድርጉ።

ሁለተኛው የተደበቀ ስህተት የአየር ነው። እኛ ደጋ ላይ ነው የምንሠራው። መሣሪያው ከፋብሪካ ሲመጣ የባሕር ጠለል ግፊት፣ 1013 ሄክቶፓስካል አካባቢ ተሞልቶበት ነው። አዲስ አበባን በሚያክል ከፍታ ላይ ግፊቱ 760 አካባቢ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ብርሃኑ ፈጠን ብሎ ይመለሳል፤ መሣሪያው ርቀቱን አሳጥሮ ያነባል። በኪሎ ሜትር 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ200 ሜትር መስመር ላይ ደግሞ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ያልፋል። ይህም የሁሉንም መስመር ርዝመት በአንድ ሬሾ ስለሚነካ ዙሩ ላይ ምንም አይታይም። ቅርጹ እንዳለ ያንሳል እንጂ አይከፈትም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ጠዋት መሣሪያውን ስትከፍቱ PPM የሚለው ገጽ ላይ ግቡና የቦታውን ግፊትና ሙቀት ሙሉ። የምትሞሉት ግን የቦታውን ትክክለኛ ግፊት ይሁን። ስልካችሁ ላይ የአየር ሁኔታ የሚያሳየው ግፊት ብዙ ጊዜ ወደ ባሕር ጠለል የተመለሰ ነው። እሱን ከሞላችሁ ምንም አላደረጋችሁም።

የመጨረሻውንና ትልቁን በታሪክ ልንገራችሁ።

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ አንድ የመንገድ ሥራ ላይ ነበርኩ። ከፍታው 2,400 ሜትር ገደማ ነው። ትራቨርሱ ዙር አልነበረም። ከአንድ ጥንድ የጂፒኤስ ኮንትሮል ተነስቶ 1.9 ኪሎ ሜትር ርቆ ባለ ሌላ ጥንድ ላይ የሚዘጋ ነበር። መንገዱ ስለሚጠማዘዝ የትራቨርሱ ርዝመት 2.3 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የቀደመው ቡድን ሠርቶት አንድ ሜትር ተኩል ያህል አልዘጋም ብሎ ነበር። አንግሎቹ ልክ ናቸው። ርቀቶቹ ወደፊትም ወደኋላም ተለክተው ይገጥማሉ። ፒፒኤሙም ተሞልቷል። ቡድኑ ጂፒኤስ የሠሩትን ይወቅሳል፤ ጂፒኤስ የሠሩት ቡድኑን ይወቅሳሉ። በመጨረሻ አንዱ «በቦውዲች በትኑት» አለ። ተበተነ። የመንገዱ መሐል መስመር በዚያ ኮኦርዲኔት ሊተከል ቀናት ነበር የቀሩት።

ስሌቱን ሳየው መጀመሪያ የፈለግሁት የስህተቱን አቅጣጫ ነበር። ከመነሻው ወደ መድረሻው በሚወስደው ቀጥታ መስመር ላይ ተኝቷል። የሰላው ነጥብ ከታወቀው ነጥብ አልፎ ሄዷል። አንድ መስመር ላይ ግድፈት ቢኖር የዚያን መስመር አቅጣጫ ነበር የሚይዘው። መንገዱ ደግሞ ይጠማዘዛል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ባለው አቅጣጫ የሚተኛ ስህተት ሲሆን የሚጠረጠረው ስኬል ነው። ሁሉም መስመር በአንድ ሬሾ ረዝሟል።

ለምን ረዘመ? ኮንትሮሉ በዩቲኤም ነው። እኛ ዞን 37 ነን፤ ማዕከላዊ ሜሪዲያኑ 39 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፣ ለአዲስ አበባ በጣም ቅርብ። እዚያ ላይ ዩቲኤም ርቀትን በ0.9996 ያባዛል። በኪሎ ሜትር 40 ሳንቲ ሜትር ያሳጥራል ማለት ነው። በዚያ ላይ እኛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነን። መሬት ላይ የለካነው ወደ ባሕር ጠለል ወርዶ ሲታይ በኪሎ ሜትር ሌላ 38 ሳንቲ ሜትር ያጥራል። ሁለቱ ሲደመሩ 78 ሳንቲ ሜትር በኪሎ ሜትር። በ1.9 ኪሎ ሜትር አስሉት፦ 1.48 ሜትር። ሁለቱም ወገን የሚወቃቀሱበት ቁጥር ይኸው ነበር። የማንም የልኬት ስህተት አልነበረም።

ስለዚህ የተበተነውን ሰረዝነው። እያንዳንዱን የተለካ ርቀት በ0.99922 አባዛን። እንደገና ከመጀመሪያው አሰላነው። የመዝጊያ ስህተቱ ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ወረደ፤ ለ2.3 ኪሎ ሜትር 1 ለ 38,000 ገደማ ነው። እሱን በቦውዲች አከፋፈልን። መንገዱ የተተከለው በዚህ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር አስተውሉ። ያው ቡድን ያንኑ ሥራ በዙር ሠርቶት ቢሆን ኖሮ ይህ 78 ሳንቲ ሜትር በፍጹም አይታይም ነበር። ዙሩ አምሮ ይዘጋል። ስህተቱ የሚወጣው ከወራት በኋላ ነው፤ ሌላ ሰው በሌላ ጂፒኤስ ነጥብ ተነስቶ መጥቶ ድልድዩ ላይ አልገጥም ሲለው። ለዚህ ነው ሁለት ጫፉ በታወቀ ነጥብ የታሰረ ትራቨርስን አብልጬ የምመርጠው። ዙር ብቻ መሥራት ግድ ከሆነ ከአንድ ሌላ የታወቀ ነጥብ ጋር ቢያንስ በአንድ መስመር አስሩት።

ግቢ ውስጥ ብቻ የምትሠሩ፣ ሕንፃ የምታስቀምጡ፣ መሬት ላይ ያለውን ርቀት እንዳለ መያዝ ትችላላችሁ። እንዲያውም ያ ይሻላል፤ አናጺው በሜትር የሚለካው መሬቱን ነው። ግን ያኔ ኮኦርዲኔታችሁ የግቢው ብቻ ነው። ከዩቲኤም ነጥብ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አትቀላቅሉት። የፋይሉ ስም ላይ ራሱ ጻፉበት። ሦስት ዓመት ቆይቶ የሚከፍተው ሰው እናንተን አያገኛችሁም።

አመሰግናለሁ። የሰሌዳውን ቁጥሮች አልጠርግም። ካልኩሌተር የያዛችሁ አሁኑኑ አስሏቸው። ጥያቄ ያለው ደግሞ እጁን ያውጣ።